«የቤተሰብ ድርጅት» የሚለው ደንበኛችን የማን እንደሆነ ያወቅኩበት መንገድ

ለዓመታት ዕቃ የምናቀርብለት አንድ ድርጅት ነበር። ስሙን አልጠቅስም። እኔ በአቅራቢው ወገን የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ሥራዬ ማን ስንት እንዳለበት መያዝ፣ ቀኑ ሲደርስ ደግሞ መጠየቅ ነው። ይህ ደንበኛ ከሁሉም የማያስቸግረኝ ነበር። ደረሰኙ በደረሰው በ30 ቀን ውስጥ ይከፍላል። አንዳንዴ እንዲያውም ይቀድማል። ድረ ገጹን ስትከፍቱ መጀመሪያ የምታዩት የመሥራቹን ፎቶ ነው። ሽበታም ሰውዬ፣ ከጎኑ ሁለት ልጆቹ፣ ከሥራቸው «የቤተሰብ ድርጅት» የሚል ጽሑፍ።

ከዚያ አንድ ቀን ደብዳቤ መጣ። ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ ለሁሉም አቅራቢዎች ክፍያ የሚፈጸመው በ75 ቀን ይሆናል ይላል። የፈረመው የማላውቀው የፋይናንስ ኃላፊ ነው። ሁልጊዜ የማናግራት የሒሳብ ሠራተኛ ጋ ስደውል «ለቃለች» ተባልኩ።

አለቃዬ ደብዳቤውን አንብበው «ሰውዬው ምን ነካው?» አሉ። መሥራቹን ማለታቸው ነው። ከ20 ዓመት በላይ ይተዋወቃሉ። እኔ ግን ደብዳቤው የሱ አልመሰለኝም። አነጋገሩ የሱ አይደለም። እስከዚያ ቀን ድርጅቱ የማን እንደሆነ አይተን አናውቅም ነበር። ምን ብለን እናያለን? ክፍያው ይመጣል፣ ፎቶው አለ።

ደንበኛችን የተመዘገበው ብሪታንያ ውስጥ ነው። ይህ ነገሩን አቀለለልኝ። ካምፓኒስ ሃውስ የሚባለው የብሪታንያ የኩባንያዎች መዝገብ በኢንተርኔት ለማንም ክፍት ነው፤ ለማየት አያስከፍልም። መጀመሪያ የንግድ ስሙን ጽፌ ፈለግኩ። ተመሳሳይ ስም ያላቸው 6 ኩባንያዎች ወጡ። ሲያደናግረኝ ደብዳቤውን ገለበጥኩት። ከታች በኩል በደቃቃ ፊደል የኩባንያው የምዝገባ ቁጥር አለ። በቁጥሩ ስፈልግ አንድ ብቻ መጣ። እናንተም ከዚህ ጀምሩ። ስም ያሳስታል፣ ቁጥር አያሳስትም።

በመዝገቡ ላይ People የሚለውን ነክቼ Persons with significant control ወደሚለው ገባሁ። ድርጅቱን በእጁ የያዘው ማን እንደሆነ የሚጻፈው እዚያ ነው። ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አብዛኛው የብሪታንያ ኩባንያ ከ25 በመቶ በላይ አክሲዮን ወይም ድምፅ ያለውን ማስመዝገብ ግዴታው ነው። የሰውዬውን ስም ነበር የጠበቅኩት። የወጣው ግን የኩባንያ ስም ነው፤ መጨረሻው Bidco Limited ይላል። ድርሻው 75 በመቶና ከዚያ በላይ። ቀኑ ማርች 2019። ያን ጊዜ እኛ 2023 ላይ ነን። እንግዲህ ድርጅቱ ከተሸጠ 4 ዓመት ሆኖታል፣ እኛ ደግሞ ለመሥራቹ የበዓል ካርድ እንልካለን።

ቢድኮ የሚለው ስም ብቻውን ብዙ ይናገራል። ቢድ ለግዢ የሚቀርብ ዋጋ ነው። ቢድኮ ደግሞ ያንን ግዢ ለመፈጸም ተብሎ የተቋቋመ ኩባንያ ነው። ሠራተኛ የለውም፣ አያመርትም፣ አይሸጥም። አክሲዮኑን ይይዛል፣ ብድሩን ይሸከማል፤ በቃ። የቢድኮን ስም ስጫን ባለቤቱ ሚድኮ የሚባል ሌላ ኩባንያ ሆነ። ሚድኮን ስጫን ቶፕኮ መጣ። የሦስቱም የምዝገባ ቀን አንድ ነው፤ ድርጅቱ ከመገዛቱ ከአምስት ሳምንት በፊት። የምዝገባ ቁጥራቸውም ተከታታይ ነው፤ አንዱ በ4 ካበቃ ቀጣዩ በ5፣ ቀጣዩ በ6። አንድ ጠበቃ በአንድ ጠዋት ቁጭ ብሎ እንዳስመዘገባቸው ያስታውቃል።

ሦስት ፎቅ ለምን አስፈለገ? እኔም ጠይቄ ነው የተረዳሁት። እያንዳንዱ ፎቅ የተለያየ ገንዘብ የሚገባበት በር ነው። ባንክ የሚያበድረው ከታች ለቢድኮ ነው፤ ትርፍ ለሚያመጣው ድርጅት ቅርቡ ፎቅ እሱ ነውና ባንኩ ቀድሞ ይከፈለዋል። ገዢው ራሱ በብድር መልክ የሚያስገባው ገንዘብ ከዚያ በላይ ባለው ፎቅ ይቀመጣል። አክሲዮኑ ጫፍ ላይ፣ ቶፕኮ ዘንድ ነው። ሲከፈል ከታች ወደ ላይ ነው የሚወጣው። ላይ ያለው የመጨረሻው ተረኛ ነው።

ቀጥዬ የዳይሬክተሮቹን ዝርዝር አየሁ። መሥራቹ አለ፣ አልወጣም። ግን ግዢው በተፈጸመበት ቀን ሁለት አዳዲስ ሰዎች ገብተዋል። መዝገቡ አንድ ጥሩ ነገር አለው፤ የዳይሬክተርን ስም ስትጫኑ ሌላ የት የት ቦርድ ላይ እንዳለ ያሳያችኋል። የአንደኛው ስም ሥር 13 ኩባንያዎች ተደርድረዋል። የጥርስ ክሊኒኮች፣ ሶፍትዌር ሠሪ፣ የማሠልጠኛ ተቋም፣ የጥበቃ ካሜራ ገጣጣሚ። እነዚህን የሚያገናኛቸው ምን ሊሆን ይችላል? ሁሉም ከላያቸው የየራሳቸው ቶፕኮ አላቸው። የሰውዬው አድራሻም በሁሉም ላይ አንድ ሕንፃ፣ አንድ ፎቅ ነው። አድራሻውን ገልብጬ ስፈልገው የአንድ ፕራይቬት ኢኩቲ አስተዳዳሪ ቢሮ ሆኖ ተገኘ፤ ፕራይቬት ኢኩቲ ማለት ከባለገንዘቦች በተሰበሰበ ገንዘብ፣ ማለትም በፈንድ፣ ድርጅት ገዝቶ ኋላ መሸጥ ነው። እንደ እኔ እንደ እኔ ከሁሉም ምልክቶች የሚበልጠው ይህ ነው። ስም ሊቀየር ይችላል፣ ቢድኮ የሚለውንም ብዙዎች ኋላ ይለውጡታል። በማይገናኙ ዘርፎች ላይ ከአንድ አድራሻ የተቀመጠ ዳይሬክተር ግን ሌላ ትርጉም የሚሰጠው አይመስለኝም።

እዚህ ላይ አንድ ስህተት ሠራሁ። ላካፍላችሁ፤ ብዙ ሰው የሚወድቅበት ነው ብዬ ስለማምን። Charges የሚለውን ስከፍት ድርጅቱ ንብረቱን በሙሉ በመያዣነት እንዳስያዘ የሚገልጽ ሰነድ አገኘሁ። ቀኑ ከግዢው አንድ ቀን በኋላ ነው። በመያዣው ተጠቃሚ የተባለው አካል ስም በአንድ ትልቅ ፋይናንስ ተቋም ስም ይጀምርና በ«ኤጀንት» ያልቃል። እኔ ሆዬ ሮጬ አለቃዬ ጋ ሄጄ «ገዢው ተገኘ፣ ባንክ ነው!» አልኩ። አይደለም። ያ አካል አበዳሪዎቹን ወክሎ መያዣውን የሚይዝ ወኪል ብቻ ነው። አበዳሪ ባለቤት አይደለም። ቤታችሁን በባንክ ብድር ከገዛችሁ ባንኩ የቤቱ ባለቤት እንደማይሆነው ማለት ነው። ባለቤቱን የሚነግራችሁ የአክሲዮኑ ሰንሰለት እንጂ የመያዣው ገጽ አይደለም።

ይህ ማለት ግን የመያዣው ገጽ አይጠቅምም ማለት አይደለም። ለእኔ ቢጤ አቅራቢ ከማንኛውም ገጽ ይልቅ የሚያስፈልገው እሱ ነው። ድርጅቱ ቢወድቅ ንብረቱ ተሽጦ ብድሩ ይከፈላል፤ ያለ መያዣ በዱቤ ዕቃ የሰጠ አቅራቢ የሚደርሰው ከተረፈው ነው፣ ከተረፈ። ሌላም ያሳያል፤ ድርጅቱ የተገዛበት ብድር የተጫነው በተገዛው ድርጅት ላይ ነው። የገዢው ፈንድ ሌሎቹ ኩባንያዎች ለዚህ ዕዳ አይጠየቁም። አንዱ ሲሰምጥ ሌላው ደረቅ ነው።

የመጨረሻውን ማረጋገጫ ያገኘሁት ከዓመታዊ ሒሳብ መግለጫው ነው። ረጅም ነው፣ ያሰለቻል። ግን በሙሉ ማንበብ የለባችሁም። ወደ መጨረሻዎቹ ገጾች ውረዱ። ከማብራሪያዎቹ መጨረሻ አካባቢ «የመጨረሻው እናት ኩባንያ እና ተቆጣጣሪ» የሚል አንቀጽ አለ። የኛው ደንበኛ በሁለት ዓረፍተ ነገር አስቀምጦታል። የመጨረሻው እናት ኩባንያ ቶፕኮ ነው ይላል። ከዚያ ቀጥሎ አክሲዮኑ የተያዘው እገሌ የተባለው ድርጅት በሚያስተዳድራቸው ፈንዶች ነው፣ በዳይሬክተሮቹ አስተያየት አንድ ብቸኛ የመጨረሻ ተቆጣጣሪ የለም ይላል።

«የለም?» አሉ አለቃዬ። «ባለቤት የሌለው ድርጅት አለ እንዴ?»

ጥያቄው ትክክል ነው። እኔም ከዚያ በፊት ባለቤት ሲባል የሚታየኝ አንድ ሰው ወይም አንድ ቤተሰብ ነበር። ሰንሰለቱን ወደ ላይ ስትወጡ በመጨረሻ የሰው ስም ትጠብቃላችሁ። ፕራይቬት ኢኩቲ ሲሆን ግን የምትደርሱት ፈንድ ላይ ነው። ፈንድ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ኃላፊነቱ የተወሰነ ሽርክና ነው። ከዚህ በኋላ ባለቤትነት የሚባለው ነገር ለሦስት ይከፈላል። ገንዘቡን ያዋጡት አንድ ወገን ናቸው፤ የጡረታ ፈንዶች፣ የመድን ድርጅቶች፣ የዩኒቨርሲቲ ተቋማት፣ ሀብታም ግለሰቦች። እነዚህ ውስን ሸሪኮች ይባላሉ። ገንዘቡ የነሱ ነው፣ ግን የትኛው ድርጅት ይገዛ፣ መቼ ይሸጥ የሚለውን አይወስኑም። ብንወስን ካሉ በኃላፊነት የመጠየቅ ከለላቸውን ያጣሉ። ስማቸውም በድርጅቱ የመዝገብ ገጽ ላይ አይታያችሁም። ሁለተኛው ወገን አስተዳዳሪው ነው። የሚወስነው እሱ ነው፣ ያዋጣው ገንዘብ ግን ትንሽ ነው። በተለመደው አሠራር በዓመት ወደ 2 በመቶ የአስተዳደር ክፍያ ይወስዳል። ባለገንዘቦቹ በዓመት 8 በመቶ አካባቢ ካገኙ በኋላ ደግሞ ከትርፉ 20 በመቶው የሱ ይሆናል። ሦስተኛው ወገን ድርጅቱን በየቀኑ የሚያንቀሳቅሱት ሰዎች ናቸው። የተወሰነ አክሲዮን ይሰጣቸዋል፣ ወይም እንደኛው ሰውዬ ከሽያጩ ገንዘብ ከፊሉን መልሰው ያስገባሉ።

ስለዚህ «ፈንዱ ገዝቶታል» ስንል የሚወስነው፣ ገንዘቡን ያወጣው እና ፊቱ የሚታየው አንድ ሰው አይደለም ማለታችን ነው። የድረ ገጹ ፎቶ ውሸት አልነበረም። ሰውዬው አለ፣ ቢሮውም አለ። የክፍያ ቀኑን ግን የሚወስነው እሱ አይደለም።

«ቢሆንም ድርሻ አለው» አሉ አለቃዬ። አለው። ቶፕኮ ላይ ስደርስ የተቆጣጣሪዎቹ ዝርዝር ሁለት መስመር ነበረው። አንዱ የአስተዳዳሪው ድርጅት፤ ከ50 እስከ 75 በመቶ። ሌላው መሥራቹ፤ ከ25 እስከ 50 በመቶ። ይህን ሲያዩ ሰውዬው አሁንም ትልቅ ባለቤት ይመስላል። አንድ ሦስተኛ ገደማ ማለት እኮ ቀላል አይደለም። ግን የቶፕኮን የሒሳብ መግለጫ ስናይ ነገሩ ሌላ ሆኖ ተገኘ። በዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም መዝገቡ የሚያሳየው መቶኛና በእጅ የሚገባው ገንዘብ ሰማይና ምድር ሊሆኑ ይችላሉ።

ቁጥሩን ቀለል አድርጌ ላስቀምጠው። ድርጅቱ በ100 ተገዛ እንበል። 50ው የባንክ ብድር ነው። 45ቱን ፈንዱ ያስገባው በአክሲዮን ሳይሆን በብድር መልክ ነው፤ የባለአክሲዮን ብድር ይሉታል። በዓመት 10 በመቶ ወለድ ይታሰብበታል፣ ወለዱ ግን በጥሬ ገንዘብ አይከፈልም፤ በዕዳው ላይ እየተደመረ ወለድ በወለድ ይሄዳል። የቀረው 5 ብቻ መደበኛ አክሲዮን ነው። መዝገቡ ላይ የሚታየው መቶኛ የዚህ የ5ቱ መቶኛ ነው። መሥራቹ 30 በመቶ አለው ማለት ከ5ቱ 1.5 አለው ማለት ነው።

አምስት ዓመት ይለፍ። የፈንዱ 45 ከነወለዱ ወደ 72.5 ይደርሳል። የባንኩ 50 እንዳለ ይሁን። ስለዚህ መደበኛ አክሲዮን ያለው ሰው አንዲት ሳንቲም ከማየቱ በፊት 122.5 መከፈል አለበት። ድርጅቱ በ120 ቢሸጥ፣ ከተገዛበት ዋጋ በ20 ቢበልጥም፣ የመሥራቹ 30 በመቶ ዜሮ ነው። በ130 ቢሸጥ 7.5 ይተርፋል፤ የሱ 2.25 ነው። በ160 ቢሸጥ ደግሞ 37.5 ይተርፋል፤ የሱ 11.25 ይሆናል። ከ130 ወደ 160 ዋጋው ከሩብ ባነሰ አደገ፤ የሱ ድርሻ ግን አምስት እጥፍ ሆነ። ሰውዬው ሽያጩ ትልቅ እንዲሆን ለምን እንደሚሮጥ፣ ለምን ዝም እንዳለም የገባኝ ያኔ ነው። በብዙ ግዢዎች መሥራቹ ራሱም ከብድሩ ላይ ድርሻ ይይዛል፤ ያኔ እንዲህ አይጎዳም። ስለዚህ መቶኛውን አይታችሁ አትፍረዱ፣ የቶፕኮን ሒሳብ ክፈቱና የባለአክሲዮን ብድሩ ስንት እንደሆነ፣ የማን እንደሆነ እዩ።

በነገራችን ላይ ይህ ወለድ ሌላም ግራ የሚያጋባ ነገር ያመጣል። የታችኛው ድርጅት ሒሳብ ትርፍ ያሳያል። የቶፕኮ የተጠቃለለ ሒሳብ ደግሞ ኪሳራ። ሁለቱም እውነት ናቸው። ቶፕኮን ብቻ አይታችሁ «እየወደቀ ነው» አትበሉ፤ የታችኛውን ብቻ አይታችሁም አትዘናጉ። ለይታችሁ ማየት ያለባችሁ በጥሬ ገንዘብ የሚከፈለውን የባንክ ወለድ ነው። ድርጅት የሚጥለው እሱ ነው። አሜሪካዊው የመጫወቻ ቸርቻሪ ቶይስ አር አስ የታወቀ ምሳሌ ነው። በ2005 ሁለት የፕራይቬት ኢኩቲ ድርጅቶችና አንድ የሪል እስቴት ኩባንያ በ6.6 ቢሊዮን ዶላር ገዙት፤ ከዋጋው አብዛኛው ብድር ነበር። በሴፕቴምበር 2017 ከአበዳሪዎቹ ለመጠለል ለፍርድ ቤት የኪሳራ አቤቱታ አስገባ፣ በቀጣዩ ዓመት የአሜሪካ መደብሮቹን ዘጋ። የኢንተርኔት ግብይትና ተፎካካሪዎቹም ጎድተውታል። ግን ዕዳው ለመተንፈሻ የሚሆን ገንዘብ አላስተረፈለትም።

አሁን ወደ ደብዳቤው ልመለስ። ለምን 75 ቀን? ለምን በ2023? መልሱ ያለው ፈንዱ ስም ላይ ነው። የቶፕኮ ባለአክሲዮኖች ዝርዝር ውስጥ የፈንዱ ስም መጨረሻ ላይ የሮማ ቁጥር 4 አለ። አስተዳዳሪው ያቋቋመው አራተኛው ፈንድ ማለት ነው። በራሱ ድረ ገጽ ላይ ይህን ፈንድ በ2016 እንደዘጋ ጽፏል፤ መዝጋት ሲሉ ገንዘብ አሰባስቦ መጨረስ ማለታቸው ነው። የእንዲህ ያለ ፈንድ ዕድሜ ብዙውን ጊዜ 10 ዓመት ነው፣ አንድ ሁለት ዓመት ሊራዘም ይችላል። በመጀመሪያዎቹ አምስት ዓመታት ገደማ ይገዛል፣ በቀሪው ጊዜ ይሸጣል። ገንዘቡ ለባለገንዘቦቹ መመለስ አለበት። አንድን ድርጅት የሚይዘው በአብዛኛው ከ3 እስከ 7 ዓመት ነው። ደንበኛችን የተገዛው በ2019 ነው። አራት ዓመት ሆኖታል፤ ፈንዱ የሚያበቃው ደግሞ 2026 ላይ ነው። ቤተሰብ ድርጅቱን ለልጅ ያወርሳል፤ ፈንድ የሚሸጥበት ቀን ገና ሲገዛ ጀምሮ ይቆጠራል። ስለዚህ ድርጅቱ ለሽያጭ እየተሰናዳ ነበር ብዬ ገመትኩ። ለአቅራቢ የሚከፈለውን 45 ቀን ማዘግየት የ45 ቀን ግዢ የሚያህል ጥሬ ገንዘብ እጅ ላይ ያስቀምጣል። ልምድ ያለው ገዢ ይህን ያውቃል፣ ዋጋውንም ያስተካክላል። ግን እስከዚያ ድረስ የሚበደረው ከእኛ ነው፣ ያለ ወለድ።

መገመት ብቻ ስለማይበቃ ደወልኩ። ለአዲሱ የፋይናንስ ኃላፊ በቀጥታ ነገርኳቸው። «ድርጅቱ በየትኛው ፈንድ እንደተያዘ መዝገብ ላይ አይተናል። የምንጠይቅዎት የባንክ ብድሩ መቼ እንደሚያልቅና የሽያጭ ዕቅድ ካለ ነው።» የሚቆጡ መስሎኝ ነበር። ትንሽ ዝም አሉና «እስካሁን ይህን የጠየቀኝ አቅራቢ የለም» አሉኝ። ስለ ሽያጩ መናገር እንደማይችሉ፣ ብድሩ ግን 2026 ላይ እንደሚያበቃ ነገሩኝ። ይህም ከፈንዱ ዕድሜ ጋር ገጠመ። በመጨረሻ 45 ቀን ላይ ተስማማን። ዋጋው እስኪከፈል የዕቃው ባለቤትነት ከእኛ እንዳይወጣ የሚል አንቀጽ ውሉ ውስጥ አስገባን። በዱቤ የምንሰጠውንም ጣሪያ ዝቅ አደረግን።

አንዳንድ ነገር ደግሞ እንዳያሳስታችሁ። ቢድኮ ባለበት ሁሉ ፕራይቬት ኢኩቲ የለም። አንድ ትልቅ ኩባንያ ሌላውን ሲገዛም፣ ሥራ አስኪያጆች ተሰባስበው የራሳቸውን ድርጅት ሲገዙም ያቋቁሙታል። መለያው ጫፍ ላይ የምታገኙት ነው፤ ሽርክና ፈንድ ነው፣ ወይስ በአክሲዮን ገበያ ላይ ያለ ኩባንያ፣ ወይስ ሰዎች? «ሆልዲንግስ» የሚል ስም ደግሞ ምንም አይነግራችሁም። ሌላው ችግር 25 በመቶ የሚለው መስመር ነው። ፈንዱ 20 በመቶ ብቻ ከያዘ በተቆጣጣሪነት ላይታይ ይችላል፤ ግን ያለ እሱ ፈቃድ እንዳይደረጉ የተባሉ ነገሮች በመተዳደሪያ ደንቡ ውስጥ ይኖራሉ። ስለዚህ Filing history ውስጥ ገብታችሁ ግዢው በተፈጸመበት ቀን አካባቢ የጸደቀውን አዲሱን ደንብ ፈልጉ። የአክሲዮን ዓይነቶች ሀ፣ ለ እያሉ ከተከፋፈሉ፣ «የኢንቨስተር ፈቃድ» የሚል ሐረግ በየገጹ ካለ፣ ውሳኔው የማን እንደሆነ ታውቃላችሁ።

ሰንሰለቱ ከብሪታንያ ወጥቶ ገርንዚ፣ ጀርዚ፣ ሉክሰምበርግ ወይም ኬይማን ደሴቶች ሲደርስ ብዙ ጊዜ ይደበዝዛል። በአውሮፓ ኅብረት የእውነተኛ ባለቤቶች መዝገብ ለሕዝብ ክፍት ነበር፤ የኅብረቱ ፍርድ ቤት ግን በኖቬምበር 2022 ለማንም ክፍት መሆኑን ሻረው። አሜሪካ ውስጥ የግል ኩባንያ ባለቤት የሚታይበት እንዲህ ያለ ክፍት መዝገብ የለም። እዚያ ከላይ ወደ ታች መምጣት ይሻላል። አስተዳዳሪዎቹ የገዟቸውን ድርጅቶች በራሳቸው ድረ ገጽ ይዘረዝራሉ፤ መግዛታቸውን ሲያስታውቁም የጋዜጣ መግለጫ ያወጣሉ። ባለቤቱን የሚደብቀው ብዙ ጊዜ የተገዛው ድርጅት ነው፣ ገዢውማ ይኮራበታል።

መዝገቡ ላይ Follow this company የሚል ቁልፍ አለ። በኢሜይላችሁ ከተመዘገባችሁ አዲስ ሰነድ በገባ ቁጥር ይልክላችኋል። እኔ ለአራቱም ኩባንያዎች ተመዘገብኩ፤ ለደንበኛችን፣ ለቢድኮ፣ ለሚድኮ፣ ለቶፕኮ። ለአንድ ዓመት ያህል ተራ ወረቀት ብቻ ነበር የሚመጣው። ከዚያ በአንድ ሳምንት ውስጥ መልእክቱ ተከታተለ። የድሮው መያዣ ተነሣ። አዲስ መያዣ ተመዘገበ። ሁለቱ የፈንዱ ዳይሬክተሮች በአንድ ቀን ወጡ፣ በዚያው ቀን ሌሎች ሁለት ገቡ። የቶፕኮ ተቆጣጣሪ የነበረው አስተዳዳሪ ተሰረዘ፣ መሥራቹም ተሰረዘ። ከቶፕኮ በላይ አዲስ ኩባንያ ተቀምጧል፤ ስሙ መጨረሻው ላይ እንደገና Bidco Limited ይላል።

አለቃዬን ጠርቼ አሳየኋቸው። ስክሪኑን ትንሽ አዩና «ሌላ ፈንድ?» አሉኝ።

«ሌላ ፈንድ» አልኳቸው።

ከዚያ የደንበኛችንን ድረ ገጽ ክፈቺ አሉኝ። ከፈትኩት። ፎቶው አሁንም አለ።